የአበባው ልስላሴ ከስሩ ይጀምራል

የትራስ ልብስ ላይ የተጠለፈ አበባ ስናይ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው። ጠጋ ብሎ ላስተዋለ ግን አንዱን ጥልፍ ከሌላው የሚለየው ገጹ ነው። በአንዱ አበባ ላይ ክሮቹ ጎን ለጎን ተጠጋግተው አንድ ወጥ ገጽ ይሆናሉ፤ የመስኮት ብርሃን ሲያርፍባቸውም ሳይቆራረጥ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያበራሉ። በሌላው ላይ ደግሞ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ አውጥቷል፤ በክሮቹ መሃል ጨርቁ ብቅ ብቅ ይላል፤ ቅጠሉ በጎበጠበት በኩል ክር በክር ላይ ተደራርቦ ጉብታ ሠርቷል። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ክርና በአንድ ዓይነት ጨርቅ የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ክሩ ነው፤ አለዚያም የጠላፊዋ እጅ «አልፈታም» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የአበባው ገጽ ለስላሳ የሚሆነው ወይም የሚበላሸው ከላይ የሚታየው ክር ከመዘርጋቱ በፊት ከስር በተሠራው ሥራና ክሩ በየትኛው አቅጣጫ እንዲተኛ ቀድሞ በተወሰነው ነው።

ሳቲን ጥልፍ ሲያዩት ከሁሉም የጥልፍ ዓይነቶች ቀላሉ ይመስላል። መርፌው በአንዱ ጠርዝ ይወጣል፣ ክሩ በቅርጹ ላይ ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ በሌላኛው ጠርዝ ይገባል፤ ከዚያ ከጎኑ ሌላ፣ ከእሱም ጎን ሌላ። ቋጠሮ የለው፣ ቀለበት የለው። ያንኑ ያህል ደግሞ ስህተትን የሚደብቅበት ነገር የለውም። በሰንሰለት ጥልፍ አንዷ ቀለበት ብትጠብ ከሌሎቹ መሃል አትለይም። በሳቲን ጥልፍ ግን አንድ ክር ትንሽ ከላላ ወይም አቅጣጫውን ከሳተ ገጹ ሁሉ ያሳብቅበታል።

ቅርጹ ቀጥ ያለ ሲሆን፣ ለምሳሌ አንድ ሰፋ ያለ መስመር ሲሞላ፣ ችግሩ ትንሽ ነው። በሁለቱም ጠርዝ የሚያስፈልገው የክር ብዛት እኩል ስለሆነ ክሮቹ ትይዩ ሆነው ይሄዳሉ። የአበባ ቅጠል ሲጎብጥ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። በአንድ የትራስ ልብስ ንድፍ ላይ ያለችን አንዲት ቅጠል እንውሰድ። አበባዋ አምስት ቅጠሎች አሏት፤ ሁሉም ወደ አንድ ጎን የጎበጡ ናቸው። አንዷ ቅጠል ከስር እስከ ጫፍ በቀጥታ ስትለካ 23 ሚሊ ሜትር ትሆናለች፤ በመሃል ወገቧ ላይ 8 ሚሊ ሜትር ትሰፋለች። ክር በጠርዞቿ ላይ አስተኝተን ብንለካ ግን ወደ ውጭ የጎበጠው ጠርዝ 36 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ውስጥ የገባው ጠርዝ 24 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከስድስቱ ነጠላ ክሮች የተለየ አንድ የጥልፍ ክር ጨርቅ ላይ ሲተኛ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይሸፍናል ብለን ብናስብ፣ የውጩ ጠርዝ 72 ክር ይፈልጋል፤ የውስጡ ግን 48 ብቻ ይችላል። ትርፍ የሆኑት 24 ክሮች የት ይሂዱ?

ጎባጣ ቅጠል ላይ የሚታየው ጥፋት ሁሉ የሚመጣው ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ሲቀር ነው። ጠላፊዋ 72ቱንም ክሮች ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ካደረሰቻቸው እዚያ ይታጨቁና ጉብታ ይፈጥራሉ። ውስጡን ለማቃናት ብላ 48 ብቻ ከዘረጋች ደግሞ የውጩ ጠርዝ ይሳሳና ጨርቁ ይታያል። መፍትሔውን ቅጠሉ ላይ ስንደርስ እናየዋለን። ቅደም ተከተሉ ግን ከጨርቁ ይጀምራል።

ጨርቁ ሽመናው ጠበቅ ያለ መሆን አለበት። ጥሩ አቡጀዲ ወይም ፖፕሊን ይበቃል፤ የላላ ሽመና መርፌው የት እንደሚገባ እንድንመርጥ አይፈቅድልንም፣ መርፌዋ ወደ ቀዳዳው ትንሸራተታለችና። ጨርቁ በክብ የጥልፍ ፍሬም ውስጥ ገብቶ በጣት ሲመታ ድምፅ እስኪሰጥ ይወጠር። የፍሬሙን የውስጠኛ ቀለበት በቀጭን የጨርቅ ጥብጣብ መጠቅለል ውጥረቱ ቶሎ እንዳይላላ ያደርጋል። ሌላው ቀርቶ በጣም ጎበዝ የሆነች ጠላፊ እንኳ በላላ ጨርቅ ላይ ለስላሳ ሳቲን መሥራት አይሆንላትም፤ እያንዳንዱ ክር ጨርቁን ጥቂት ጥቂት ይሰበስበዋልና ከፍሬሙ ሲወጣ አበባው ዙሪያ ይሸበሸባል። ጨርቁ ሲወጠር መርፌን በአንድ ጊዜ አስገብቶ ማውጣት አይቻልም። መርፌው ወደ ታች ይወርዳል፣ ክሩ እስከ መጨረሻው ይሳባል፣ ከዚያ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ይህ ዘገምተኛ ቢመስልም እያንዳንዱን ክር በእኩል ጉልበት ለመሳብ የሚያስችለው መንገድ እሱ ነው።

ክሩ በአብዛኛው ስድስት ነጠላ ክሮች ተጣምረው የሚሸጡበት የጥጥ ክር ነው። በ1746 ሙሉዝ በተባለችው የአልዛስ ከተማ የተመሠረተው ዲኤምሲ የሚያመርተው አንድ ጥቅል 8 ሜትር ይረዝማል፤ ስድስቱ ሲነጣጠሉ 48 ሜትር ነጠላ ክር ይወጣዋል ማለት ነው። ለሳቲኑ አንድ ነጠላ ክር ብቻ እንጠቀማለን፣ ርዝመቱም ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ የረዘመ ክር በጨርቁ ውስጥ በተመላለሰ ቁጥር እየተፋቀ ማብረቅረቁን ያጣል፣ ይሻክራል። ለአንድ ነጠላ ክር 9 ወይም 10 ቁጥር የጥልፍ መርፌ ይስማማዋል።

አሁን ወደ ቅጠሏ እንመለስ። የመጀመሪያው ሥራ ጠርዟን መስፋት ነው። በአንድ ነጠላ ክር፣ በንድፉ መስመር ላይ፣ መርፌው በወጣ ቁጥር ቀድሞ የተሰፋውን ክር መሃል ለመሃል እየሰነጠቀ ይሄዳል። ስንጥቅ ስፌት እንበለው። እያንዳንዱ ስፌት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ይበቃል፤ በጣም በሚታጠፍበት ቦታ ከዚያም ያጥር፣ አለዚያ ጉብጠቱ ቀርቶ ማዕዘን ይሆናል። ይህ ስፌት በመጨረሻ ጨርሶ አይታይም። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ሳቲኑ ክር ይህን መስመር አልፎ፣ ከውጭ በኩል ተጠግቶ ሲገባ፣ ጠርዙን የሚወስነው የመርፌው ቀዳዳ መሆኑ ቀርቶ ከስር ያለው የተሰፋ መስመር ይሆናል። መርፌው አንድ ጊዜ ጥቂት ቢስት እንኳ ክሩ መስመሩ ላይ ታጥፎ ስለሚወርድ ጠርዙ ጥርስ አያወጣም። መርፌው ሲገባ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ከመስመሩ ስር ወደ ቅጠሏ ሆድ ጥቂት ዘንበል ብሎ ቢገባ ደግሞ ጠርዙ የበለጠ ይጠበቃል።

ቀጥሎ ሙሌቱ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሙሌት ማለት ከሳቲኑ ስር የሚሰፋና ገጹን ከጨርቁ ጥቂት ከፍ የሚያደርግ ስፌት ነው። ሥራው ማሳበጥ ብቻ ቢመስልም ዋናው ጥቅሙ የላይኛው ክር የሚተኛበትን ወለል እኩል ማድረጉ ነው። ያለ ሙሌት የተዘረጋ ክር ከሁለት ጠርዝ መካከል በአየር ላይ የተወጠረ ያህል ነው፤ ጣት ሲነካው ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ከታጠበ በኋላም ወደ ጎረቤቱ ይሸሻል። ከስሩ ሙሌት ያለው ክር ግን በመላ ርዝመቱ የሚደገፍበት አለው።

አቅጣጫውን በሚመለከት የማይሻር አንድ ሕግ አለ፤ ሙሌቱ ሳቲኑን መስቀል አለበት። ሳቲኑ የቅጠሏን ወርድ የሚያቋርጥ ከሆነ ሙሌቱ በቁመቷ ይሂድ። ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ ከሄዱ የላይኛው ክር በታችኞቹ መካከል ባለው ስርጉድ ውስጥ ይሰምጣል፤ ገጹም መስመር መስመር ያወጣል። ከዚያ በኋላ የሚጨመር ክር ሁሉ እንደ ፊተኛው እየሰመጠ ስለሚሄድ ነገሩ አይስተካከልም። ፈትቶ ከመጀመር ሌላ መድኃኒት የለውም።

ይህን ሕግ የሚያውቁ ሰዎችም ጎባጣ ቅጠል ላይ ሌላ እንቅፋት ይገጥማቸዋል። ሙሌቱን በቁመት ሲሠሩ ከስር እስከ ጫፍ ረጃጅም ክሮችን ይዘረጋሉ። ቅጠሏ ቀጥ ያለች ብትሆን ይህ ይሠራ ነበር። በጎባጣ ቅጠል ላይ ግን የተወጠረ ክር ጉብጠቱን መከተል አይችልም፤ አቋርጦ ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ይጠጋል። ስለዚህ በውስጠኛው በኩል ሙሌት ይከማቻል፣ በውጩ በኩል ይጎድላል። ሳቲኑ ሲደርብበት ቅጠሏ በአንድ ጎን አብጣ በሌላው ጠፍጣፋ ትሆናለች። እኛ ግን ውስጠኛው ጠርዝ ላይ ክር እንደሚበዛብን አስቀድመን አውቀናል፤ ሙሌቱም እዚያው ሲጨመርበት መጨናነቁ እጥፍ ይሆናል።

ስለዚህ የጎባጣ ቅጠል ሙሌት በአጫጭር ስፌት ይሠራ። ጠርዙን የሰፋንበትን ስንጥቅ ስፌት እዚህም እንጠቀምበት፤ አሁን ግን በሁለት ነጠላ ክር ይሁን። መርፌው በሁለቱ ክሮች መሃል እየወጣ፣ ስፌቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ እየሆነ፣ የቅጠሏን ጉብጠት ተከትሎ ከስር ወደ ጫፍ ይሄዳል። ሁለተኛው ረድፍ ከአጠገቡ፣ ሦስተኛው ከዚያ ቀጥሎ ይሰፋል። ወገቧ ላይ ስድስት ያህል ረድፍ ትችላለች፤ ወደ ጫፏና ወደ ስሯ ስትጠብ ረድፎቹ አንድ በአንድ ይቋረጣሉ። ከጠርዙ ስፌት ጋር መነካካት የለባቸውም፤ በሁሉም በኩል ግማሽ ሚሊ ሜትር ወይም ጥቂት በለጥ ያለ ክፍተት ይተው። ያ ክፍተት ከሌለ ሳቲኑ ጠርዙ ላይ እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ ካለ ግን ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

አበባው ከፍ ብሎ እንዲታይ የፈለገ ሰው ከዚህ ረድፍ በፊት በቅጠሏ መሃል ብቻ፣ በወርዷ አቅጣጫ፣ ጥቂት አጫጭር ክሮችን ይዘርጋ። እነሱ ወርዱን ያቋርጣሉ፣ ረድፎቹ በቁመት ይሄዳሉ፣ ሳቲኑ እንደገና ወርዱን ያቋርጣል፤ መስቀሉ በየደረጃው ይጠበቃል። ትንሹ ከስር፣ ሰፊው ከላይ ይሁን። ተገልብጦ ሰፊው ከስር ከሆነ የትንሹ ጠርዝ ሳቲኑ ላይ ደረጃ ሆኖ ይታያል። ለትራስ ልብስ ግን አንዱ ንብር በቂ ነው ባይ ነኝ፤ ከፍ ያለ አበባ ፊት ይቆረቁራል፣ ሲተኮስም ይጨፈለቃል።

የሙሌቱ ክር ከሳቲኑ ጋር አንድ ቀለም ይሁን። የተረፈ ክር ለመጨረስ ተብሎ በሌላ ቀለም የተሠራ ሙሌት በጣም ትንሿን ክፍተት እንኳ ያጎላታል። ሙሌት ክር ያባክናል የሚለውም አያስኬድም። የእኛዋ ቅጠል ለሳቲኑ አንድ ሜትር የማይሞላ ነጠላ ክር ትወስዳለች፤ ለሙሌቱ ደግሞ ግማሽ ሜትር ገደማ። አምስቱም ቅጠሎች ከሙሌታቸው ጋር ተደምረው ከአንድ ጥቅል ውስጥ ከሩብ ያነሰ ክር ነው የሚጨርሱት።

ሙሌቱ ካለቀ በኋላ ሳቲኑን ከአንድ ጫፍ ጀምሮ መሙላት ያጓጓል። አይቸኮል። መጀመሪያ አቅጣጫ የሚያሳዩ መሪ ክሮች ይዘርጉ። በእርሳስ የተሠመረ መስመር ቢኖር ኖሮ ሙሌቱ ይሸፍነው ነበር፤ መሪ ክር ግን ከሙሌቱ በላይ ይተኛል፣ በመጨረሻም የሳቲኑ አካል ሆኖ ይቀራል። የመጀመሪያው መሪ ወገቧ ላይ፣ ቅጠሏ በጣም በሰፋችበት ቦታ ይዘርጋ። ቀጥ ብሎ ወርዱን ከማቋረጥ ይልቅ በውጩ ጠርዝ ወደ ጫፏ ጥቂት ዘንበል ቢል፣ ማለትም ሰያፍ ቢሆን፣ ጎባጣ ቅርጽ ላይ የተሻለ ያምራል፤ ርዝመቱም ከ8 ወደ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ይላል። ከዚያ ሁለት መሪዎች ወደ ጫፍ፣ ሁለት ወደ ስር ይጨመሩ። አምስቱ መሪዎች ቅጠሏን ለስድስት ይከፍሏታል። የእያንዳንዱ ክፍል የውጭ ጠርዝ 6 ሚሊ ሜትር፣ የውስጥ ጠርዝ 4 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ተደርጎ ይለካ። ያ ሁሉ 72 እና 48 የሚል ሒሳብ አሁን ትንሽ ሆነልን፦ በአንዱ ክፍል ውስጥ በውጭ 12 ክር፣ በውስጥ 8 ክር።

የቀሩት አራቱ አጫጭር ክሮች ይሆናሉ። የጎጆ ቤት ጣሪያ ሲዋቀር ወራጁ ሁሉ እስከ ጉልላቱ አይደርስም፤ ሁሉም ይድረስ ቢባል ጫፉ ላይ ቦታ አይበቃምና ከፊሉ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ክዳኑም ይሸፍነዋል። በቅጠሏም ላይ እንዲሁ ነው። ሁለት ሙሉ ክር ከተዘረጋ በኋላ ሦስተኛው ከውጩ ጠርዝ ይነሳል፣ ነገር ግን ውስጠኛው ጠርዝ ሳይደርስ ከመንገዱ ሁለት ሦስተኛ ወይም ሦስት አራተኛ ላይ ሙሌቱን ወግቶ ይገባል። ሲገባ ቀድሞ ወደ ተዘረጋው ክር ስር ጥቂት ይሸጎጥ። ቀጥሎ የሚመጣው ሙሉ ክር ከአጠገቡ ሲተኛ ጫፉን ይሸፍነዋል። የአጫጭሮቹ ርዝመት አንድ ዓይነት መሆን የለበትም፤ አንዱ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቀጣዩ 7፣ ሌላው 5 ተኩል ይሁን። ሁሉም እኩል ቦታ ላይ ከቆሙ ጫፎቻቸው ተሰልፈው በቅጠሏ ሆድ ላይ ሌላ መስመር ያወጣሉ። ሒሳቡንም በጭፍን መከተል አያስፈልግም፦ ጉብጠቱ በበረታበት ክፍል አጫጭሮቹ ይብዙ፣ ወደ ጫፍ ቀጥ ባለበት ይቅሩ።

መርፌው ሁልጊዜ በውጩ ጠርዝ ይውጣ፣ በውስጠኛው ጠርዝ ይግባ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መርፌ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ የት እንደሚወጣ በዓይን አይታይምና በተጨናነቀው ጠርዝ በኩል ከወጣ የተዘረጉትን ክሮች ያፈናቅላል። ከላይ ወደ ታች ሲገባ ግን ጠላፊዋ ቦታውን አይታ ትመርጣለች። ከጠባቡ በኩል መግባት፣ ከሰፊው በኩል መውጣት ይሻላል ማለት ነው። በዚህ አካሄድ ክሩ በጨርቁ ጀርባም ያንኑ ያህል ስለሚያቋርጥ የጀርባው ገጽ ከፊቱ ጋር ይመሳሰላል። ክር ለመቆጠብ ብሎ በገባበት ጠርዝ አጠገብ መልሶ ማውጣት ይቻላል፤ ግን ስፌቱ ተለዋውጦ ከሁለት አቅጣጫ ስለሚሳብ ክሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይከፋፈላሉ። ለዚህ ሥራ አልመክረውም።

ሳቲኑ ከወገብ ወደ ጫፍ ይሞላ፤ ጫፉ ሲያልቅ ወደ ወገብ ተመልሶ ወደ ስር ይወረድ። ከጫፍ የሚጀምር ሰው በሁለትና በሦስት አጭር ክር ሰያፉን መወሰን አይችልም፤ ወገብ ላይ ሲደርስ አቅጣጫው የሄደበት ሄዷል። በሰያፍ ሥራ ላይ ክሩ ቀስ በቀስ እየቀና፣ ሰያፍነቱ እየጠፋ የመሄድ ልማድ አለው። መሪ ክሮቹ የተዘረጉት ይህን ለመግታት ነው። ወደ መሪው ሲቀርቡ በመካከል የቀረው ቦታ በአንድ ጎን ሰፍቶ በሌላው ጠቦ ከታየ አቅጣጫው ስቷል፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት አራት ክሮች ፈትቶ ማስተካከል ያን ጊዜ ቀላል ነው፣ ቅጠሏ ካለቀች በኋላ ግን አይሆንም።

ሌላም ከእጅ የሚያመልጥ ነገር አለ። መርፌ በተመላለሰ ቁጥር ክሩ በጣት ውስጥ ይዞራል፣ ግምዱ ይጠብቃል ወይም ይፈታል። የጠበቀ ክር ቀጭንና ክብ ይሆናል፣ ከጎኑ ክፍተት ይተዋል፣ ደብዘዝም ይላል። የተፈታው ደግሞ ይበታተናል። ስለዚህ በየጥቂት ስፌቱ መርፌውን ከጨርቁ በታች ለቀቅ አድርጎ ማንጠልጠል ነው፤ ራሱ ዞሮ ዞሮ ሲቆም ክሩ ወደ ተፈጥሮው ተመልሷል። ክሩ ሲዘረጋም የሌላ መርፌ ዓይን ያለበትን ደንዳና ጫፍ ከስሩ አድርጎ፣ እስኪተኛ ድረስ እየደገፉ መሳብ ከጣት ይልቅ ገጹን ያስተካክላል። ጉልበቱ ክሩ ሙሌቱን ነክቶ እስኪያርፍ ብቻ ይሁን። ሙሌቱን እስኪጫነው የተሳበ ክር ጠርዙን ወደ ውስጥ ይጎትታል።

አንዷ ቅጠል አማረች። አራቱስ? እዚህ ላይ አቅጣጫ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል። የጥልፍ ክር የሚያበራው ብርሃን በርዝመቱ ላይ ሲያርፍ ነው፤ ክሩ ዞር ባለ ቁጥር ያው ቀለም ሲደምቅ ወይም ሲጠቁር ይታያል። ስለዚህ የአምስቱም ቅጠሎች ክር ከጨርቁ አንጻር በአንድ አቅጣጫ ይሂድ ማለት አይደለም። እያንዳንዷ ቅጠል ከራሷ መሃል መስመር አንጻር እኩል ሰያፍ ይኑራት፤ ሁሉም በውጩ ጠርዝ ወደ ጫፋቸው ያዘንብሉ። ያኔ ብርሃኑ በአበባዋ ዙሪያ ቀስ በቀስ እየተለወጠ ይዞራል። አንዷ ብቻ ወደ ተቃራኒው ካዘነበለች በሌላ ክር የተሠራች ትመስላለች። ይህን ለማወቅ ጨርቁን በመስኮት አጠገብ ይዞ ቀስ ብሎ ማዞር ነው። ከተራዋ ወጥታ የምትጠቁር ወይም የምትደምቅ ቅጠል ካለች አቅጣጫዋ ስቷል።

ያለቀ ሥራን ስንመረምር ጥፋቱ ራሱ ምክንያቱን ይነግረናል። ገጹ ላይ በክሩ አቅጣጫ ስርጉድ መስመሮች ካሉ ሙሌቱ ሳቲኑን አልሰቀለም። ውስጠኛው ጠርዝ ጉብ ካለ አጫጭር ክሮች ጎድለዋል፣ ወይም ሙሌቱ ጉብጠቱን አቋርጧል። በውጩ ጠርዝ ጨርቁ የሚታይ ከሆነ ክሮቹ ከሚገባው በላይ ተራርቀዋል። ጠርዙ ጥርስ ካወጣ የስንጥቅ ስፌቱ ተዘሏል፣ ወይም መርፌው በመስመሩ ውስጥ ገብቷል። አበባው ዙሪያ ጨርቁ ከተሸበሸበ ፍሬሙ ላልቷል ወይም ክሩ ከመጠን በላይ ተስቧል።

ገደቡንም ማወቅ ይገባል። በሚታጠብና በሚተኛበት ነገር ላይ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ የረዘመ ክር ባይዘረጋ እመርጣለሁ፤ በቀለበትም በጥፍርም ይያዛል፣ አንዴ ከተሳበ አይመለስም። ቅጠሏ ከዚያ ከሰፋች በመሃል መስመሯ ለሁለት ተከፍላ እያንዳንዷ ግማሽ ለብቻዋ በሳቲን ትሞላ፣ ወይም ረጅምና አጭር ክር እየተፈራረቀ በሚሞላው ጥልፍ ትሠራ። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ሥራ ግን ገደቡ ሊላላ ይችላል።

በኮምፒውተር የሚታዘዝ የጥልፍ ማሽንም ከዚህ ሕግ አይወጣም። ማሽኑ ከሳቲኑ በፊት በቅርጹ መሃልና በጠርዙ ዳር የስር ስፌት ይሰፋል፤ በጉብጠቱ ውስጠኛ በኩልም አጫጭር ስፌቶችን ያስገባል። ንድፉን የሚያዘጋጀው ሰው እነዚህን ትእዛዞች ካልሰጠ ውድ የሆነው ማሽን የሚያወጣው አበባም ይጎረብጣል።

የትራስ ልብሱን ከመጀመርዎ በፊት ከአቡጀዲው ቁራጭ ላይ ይህችኑ ቅጠል ሁለት ጊዜ ይሥሏት። አንዷን ያለ ሙሌትና ያለ አጫጭር ክር ይጥለፏት፤ ሌላዋን እዚህ በተጻፈው መንገድ ይሥሯት። ከዚያ ሁለቱንም በሳሙና አጥበው፣ ፎጣ ላይ በፊታቸው ደፍተው በጀርባ በኩል ይተኩሷቸው። የትኛዋን በትራስዎ ላይ እንደሚፈልጉ ያን ጊዜ ራስዎ ይፍረዱ።